የከንፈሯ ምች

ሲስተር «አፍ ክፈቱ» ጡረታ የወጣች ዕለት ወጣቶቹ ነርሶች ኬክ ቆርሰው፣ እሷን መሃል አስቀምጠው ሲቀልዱባት ዋሉ። አንዷ በሩን ይዛ ቆመችና ድምፅዋን አወፍራ «አፍህን ክፈት፤ ከንፈርህን አሳየኝ፤ አባት ሁን አያት ሁን አያገባኝም» ስትል ሁሉም ሆዱን ይዞ ሳቀ። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር እንኳ አንድ ጊዜ ያን በር ሲያልፍ አፉን አስከፍታ በባትሪ እንዳየችው ተወራ። እሷም እንደ ሰው ሳቀች። እኔ ጥግ ይዤ ኬኬን በሹካ እየወጋሁ ቀና ብዬ አላየኋትም። እዚያ ከነበርነው ውስጥ የበሩ ነገር ከየት እንደመጣ ከሷ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እኔ የዚያ ክፍል አጣቢ ነበርኩ። አንሶላ አጥባለሁ፣ የሕፃናት መጠቅለያ እቀቅላለሁ፣ የወተት ኩባያ አፈላለሁ። ሰው አፌ አያርፍም ይለኛል፤ እውነቱን ነው፣ ደስ ያላለኝን ነገር ፊት ለፊት ካልተናገርኩ እህል አይበላልኝም። ይቺን አንዲት ነገር ግን ዓመታት ሆዴ ውስጥ ቀብሬ ኖርኩ። ዛሬ እሷም ጡረታ ወጥታለች፣ እኔም ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ማንን ፈርቼ ነው ዝም የምለው?

ክፍሉ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት የሚቆዩበት ነው። ስምንት ማሞቂያ ሣጥን አለ፤ ሙቀቱ ገና ከበሩ ላብ ያስጠምቃል። በኮሪደሩ በኩል ያለው ግድግዳ ከወገብ በላይ መስታወት ነው። የኔ ማጠቢያ ቤት ከጎን ነበርና በሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ የሚሆነውን ሁሉ አያለሁ፣ የሚወራውን ሁሉ እሰማለሁ።

ሲስተር ያኔ አርባዎቹ ውስጥ ነበረች። አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ሰው «ለምን?» ሲላት «ስምንት ልጅ አለኝ፤ በየወሩ ይቀየራሉ» ትላለች። ሥራዋን ስለምትወድ ትቆጣለች፤ እጁን ሳይታጠብ የገባ ሐኪም እንኳ ከሷ ምላስ አያመልጥም። ሕፃን ሲያቅታቸው ሁሉም እሷን ነው የሚጠሩት። የማይውጠውን ታስውጣለች፣ የማይተኛውን ታስተኛለች። አንድ ልማድ ነበራት፤ ያን ጊዜ ልማድ ብቻ ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም።

እዚያ ክፍል ሕፃናቱ ጡት ለመሳብ አቅም የላቸውም። እናት ወተቷን አልባ ትሰጣለች፤ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ኩባያው ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ለብ ይደረጋል። ከዚያ የኩባያው ጠርዝ የሕፃኑ ከንፈር ላይ ደገፍ ይደረግና ሕፃኑ ራሱ በምላሱ ላፍ ላፍ ያደርገዋል። ወተቱ እንዳያቃጥል ግን መጀመሪያ መለካት አለበት፤ ሁሉም ነርስ እጁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ነው የሚለካው። ሲስተር እጇ ከስንት ዓመት ሳሙናና አልኮል የተነሳ እስከ አንጓዋ ተሰነጣጥቆ ደንዝዟል። «የኔ እጅ ከሞተ ቆይቷል፤ ከንፈር ግን አያታልልም» ትልና ጭምብሏን ወደ አገጯ ሳብ አድርጋ የኩባያውን ጠርዝ ከንፈሯ ላይ ታስነካለች። ሙቀቱ ልክ ከሆነ ያው ጠርዝ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል። እኔ ይሄን በቀን አሥር ጊዜ አያለሁ። እንዲያውም «ስትቀምሺ ልትጨርሽባቸው ነው» እያልኩ እቀልድባታለሁ።

እንግዲህ ልብስ ሰፊዋ የመጣች በዚህ ጊዜ ነው። በትዳር ዘጠኝ ዓመት ቆይታ በመጨረሻ የያዘችውን ፅንስ በሰባት ወሯ ወለደች። ልጅቷ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ነበረች፤ ጭንቅላቷ ከብርቱካን አይበልጥም። ግን ብርቱ ነች፤ በአሥር ቀኗ መተንፈሻው ተነቅሎላት፣ ወተቷን በኩባያ እየላፈች ክብደት መጨመር ጀመረች። «ሁለት ኪሎ ስትሞላ ይዘሻት ትሄጃለሽ» ተብላ እናትየው ያቺን ሁለት ኪሎ እንደ ፀሎት ትደግማት ነበር። ቀን ቀን ልጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ትቀመጣለች፤ ልጅቷ ሣጥን ስትገባ ደግሞ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ለስምንቱም ሕፃናት ቆብ ትሰፋለች። መቀስ ይዞ መግባት ክልክል ነው ስላልናት ክሩን በጥርሷ ነበር የምትበጥሰው።

እንቅልፍ የለም፣ በወጉ መብላት የለም፣ በዚያ ላይ ክር በጥርስ። በሁለተኛው ሳምንት አፏ ቆሰለ። መናገር ሲያቅታት፣ ሻይ ስትጎነጭ ፊቷን ስታጨማድድ ሲስተር አየቻትና «አፍሽን ክፈቺ እስቲ» አለቻት። የታችኛውን ከንፈሯን በጨርቅ ይዛ ገለበጠችው። ከውስጥ በኩል ክብ ቁስል አለ፤ መሃሉ ነጣ ብሎ ጎድጎድ ያለ፣ ዙሪያውን ቀይ ቀለበት የከበበው። አንዱ ደግሞ ጉንጯ ውስጥ፣ አንድ ትንሽ ሞላላ የምላሷ ጎን ላይ። ውጪ ከንፈሯ ላይ ግን ምንም የለም፤ ከንፈሯ ደህና ነው።

«ወይኔ፣ ይሄን አፍ ይዘሽ ነው ሕፃን የምታቅፊው?» አለች ሲስተር።

«ክር ስበጥስ ሳይቆርጠኝ አይቀርም ሲስተር። ደግሞ ድካም ሲበዛብኝ ድሮም ይወጣብኛል፤ በሳምንት በአሥር ቀን ይድናል።» ልብስ ሰፊዋ ሲስተርን አንቱ ነበር የምትላት፤ «እባክዎን አይከልክሉኝ፤ አልስማትም፤ ትንፋሼንም አዞራለሁ» አለች።

«በትንፋሽም ይሆናል። ልጅሽን ልታስቀጥፊያት ነው? እስኪድን መስታወቱ ጋ ቆመሽ ታያታለሽ። ወተትሽን እያለብሽ ስጪኝ፣ የቀረውን እኔ አለሁልሽ።»

በክፋት አይደለም። እግዜር ያውቃል በክፋት አይደለም። እናትየው ስታለቅስ አንጀቷን በልታት፣ በየሁለት ሰዓቱ የሚሰጠውን ወተት ለሌላ ነርስ ሳትተው ራሷ ልትሰጣት ቃል ገባችላት። ተረኛ ባልሆነችበት ቀን ሁሉ ትመጣ ነበር። መስታወቱ ጋ የቆመችው እናት እንድታያት ልጅቷን ወደ ብርሃን ታዞርላታለች፤ ኩባያውን ከፍ አድርጋ «ይኸው ጨረሰችው» ትላታለች።

ያን ሰሞን ታዲያ የሲስተር ከንፈር ላይ ምች ወጥቶባት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት የላይኛውን ከንፈሯን ጠርዝ ስታክ አየኋት፤ «ይነዝረኛል፣ ያቃጥለኛል፤ ነገ ሊወጣ ነው» አለችኝ። በማግስቱ ቀዩ ከንፈር ከቆዳው የሚገናኝበት መስመር ላይ ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ተጠጋግተው ወጡ፤ አምስት ስድስት ይሆናሉ። ቀጥለው ፈነዱና አዡ፤ ከዚያ ቢጫ ቅርፊት ያዙ። ቫዝሊን ቀባችው። «ፀሐይ መትቶኝ ነው» አለች። ማንም ምንም አላላትም፤ ምች ያልወጣበት ማን አለና ነው? እኔም ላይ ይወጣል። ምች ፀሐይና ሽታ የሚያመጣው ነገር እንጂ ከሰው ወደ ሰው የሚዘል መሆኑን ማን ነገረን? የምንፈራው ያን አፍ ውስጥ ያለውን ነጭ ቁስል ነበር፤ መልኩ ያስፈራላ።

እና ጭምብሏን አገጯ ላይ ዝቅ እያደረገች፣ ያን የኩባያ ጠርዝ ያቺው ከንፈሯ ላይ እያስነካች፣ ለልጅቷ ወተት ሰጠች። በየቀኑ፣ ደጋግማ። እኔ ኩባያውን ተቀብዬ አፈላለሁ፤ ከሷ ከንፈር ወደ ሕፃኗ ከንፈር ከሄደ በኋላ ሲፈላ ምን ሊጠቅም።

ምቹ በወጣ በስድስተኛው ቀን ልጅቷ ወተት አልላፍ አለች። ሲስተር ደጋግማ ሞከረች፤ ወተቱ በአገጯ ወረደ። ማሞቂያው ውስጥ ሆና ሰውነቷ ቀዘቀዘ፤ ቢነኳትም አትነቃም። ሐኪሙ ኢንፌክሽን ነው ብሎ ያለውን መርፌ ሁሉ ጀመረላት። አልሰራም። በማግስቱ አንድ እጇና አንድ ዓይኗ ብቻ ይርገበገብ ጀመር። እናትየው ከመስታወቱ ወዲያ ሆና «ምን ሆና ነው? ዓይኗን የምትጠቅሰው ለኔ ነው?» አለች።

በስምንተኛው ቀን የሕፃናት ስፔሻሊስቷ ዶክተር መጣች፤ በየሳምንቱ የምትመጣ፣ ሩጫዋ የማያልቅ ሴት ነበረች። ባትሪ አብርታ ልጅቷን ከራሷ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት። አፏ ጥግ ላይ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የመርፌ ራስ የሚያክሉ፣ ውሃ የቋጠሩ፣ ሥራቸው የቀላ። ዶክተሯ ባትሪዋን አጠፋች። ቀጥላ «ከንፈሩ ላይ ምች ያለበት ማነው የነካት?» ብላ ጠየቀች።

ሲስተር ወዲያው «እናቷ ናት። አፏ ቆስሎ ነበር፤ ከልክያታለሁ፣ ግን ዘግይቼ ይሆናል» አለች። ይሄን ስትል እየዋሸች አልነበረም። ከልቧ ነበር።

እናትየው ተጠራች። ዶክተሯ ጓንት አጥልቃ ከንፈሯን ገለበጠች፣ ጉንጯን ገልጣ አየች፣ ምላሷን በጨርቅ ይዛ አዞረችው። ቁስሎቹ ሊድኑ ተቃርበው ነበር። «እሺ፣ ውጪ ጠብቂኝ» ብላ ሰደደቻት። አንድ ቃል ብትነግራት ምን ነበረበት? አንድ ቃል። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በሩ ሲዘጋ ዶክተሯ ወደ ነርሶቹ ዞረች። «ይሄ አይደለም» አለች። «ይሄ አፍ ውስጥ ያለው ስስ ሥጋ ላይ የሚወጣ ቁስል ነው። አያችሁት፣ መሃሉ ነጭ ወይ ቢጫ፣ ዙሪያው ቀይ፣ ውሃ አይቋጥርም፣ ቅርፊት አይሰራም። ያማል እንጂ ከማንም ወደ ማንም አይሄድም። ብትስማትም ምንም አልነበረም። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ምች ነው። እሱ የሚወጣው ውጪ፣ የከንፈር ጠርዝ ላይ ነው። መጀመሪያ ይነዝራል፣ ከዚያ ትናንሽ ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ተሰብስበው ይወጣሉ፣ ይፈነዱና ቅርፊት ይይዛሉ። ቫይረስ ነው። ፀሐይና ድካም ይቀሰቅሰዋል እንጂ አይፈጥረውም። ትልቅ ሰው ላይ ቀላል ነገር ነው፤ እንደዚህ ያለ ሕፃን ላይ ግን ጉበትና አንጎል ይገባል። ማን ነው ምች የነበረበት?»

እኔ በር ላይ የተጣጠፈ አንሶላ ታቅፌ ቆሜ ነበር። ሲስተርን አየኋት። እጇ ቀስ ብሎ ተነሳና ጭምብሏን ወደ ላይ ሳበ፤ ጭምብሉ አስቀድሞም ልክ ነበር። ቅርፊቱ የረገፈው ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ነው፤ ቦታው ሮዝ ሆኖ ቀርቷል። ያኔ ኩባያው ትዝ አለኝ። አንሶላውን ጥዬ ወደ ማጠቢያ ቤቴ ገባሁና ውሃውን ከፈትኩት፣ ማንም እንዳይሰማኝ።

ለዚህ ሕመም የሚሆነው መድኃኒት በደም ሥር ተጀመረላት። ዘግይቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቷ አረፈች። አንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ ደርሳ ነበር።

ሲስተር ራሷ አጥባ፣ እናቷ የሰፋችላትን ቢጫ ቆብ አድርጋላት፣ በንጹሕ መጠቅለያ ጠቅልላ ይዛት ወጣች። መጠቅለያውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ አጠገባቸው ነበርኩ። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ተቀበለች። አላለቀሰችም። «ሲስተር፣ ከኔ አፍ ነው አይደል?» አለች። «ሳይከለክሉኝ በፊት ግንባሯን ስሜያት ነበር። ሁለት ጊዜ። አልነገርኩዎትም እንጂ።»

ሲስተር የመጠቅለያውን ጫፍ አስተካከለች። አንድ ጊዜ አስተካክላ፣ ደግማ አስተካከለች። አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣም። እኔም ቆሜ ነበር፤ ያ የማያርፈው አፌ ያን ቀን ተሰፋ። ልብስ ሰፊዋ ዝምታችንን መልስ አድርጋ ወሰደችው። «እሺ» ብላ ልጇን ይዛ በኮሪደሩ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ነው ሲስተር «አፍ ክፈቱ» የሆነችው። በሩ ላይ የፊት ማያ መስታወት ሰቀለች። የመጣ ሁሉ አፉን ይከፍታል፤ በባትሪ ታያለች። ከንፈሩ ላይ ምች ያለበትን፣ «ይነዝረኛል» ያለውን ጭምር፣ ቅርፊቱ ሙልጭ ብሎ እስኪድን አታስገባም፤ የሕፃኑ እናት ከሆነች ግን ጭምብል አስራ፣ እጇን ታጥባ፣ ሳትስም እንድታቅፍ አጠገቧ ቆማ ታሳያታለች። አፉ ውስጥ ነጭ ቁስል ያለበት ሲመጣና «ሲስተር፣ አፌ ቆስሏል፣ ልመለስ?» ሲል ደግሞ «ውስጥ ነው፣ ውስጥ ያለው አይተላለፍም፣ ግባ፣ ልጅህን እቀፍ» ትላለች፤ በቁጣ ነው የምትለው። ወተት በሚለካ ነገር መለካት ጀመረች፤ ቴርሞሜትር ከኪሷ አይለይም። የራሷን ከንፈር በየጠዋቱ በዚያ መስታወት ታያለች። የነዘራት ቀን ክፍሉን ለሌላ ነርስ ትታ እኔ ጋ ትመጣና አንሶላ ታጥፋለች። ወጣቶቹ «ሲስተር ዛሬም ከአጣቢ ጋር ሐሜት ላይ ናት» ይላሉ። አንዲት ቃል አናወራም ነበር። እኔ አጥባለሁ፣ እሷ ታጥፋለች።

አራት ዓመት ሄደ። ሆስፒታሉ ለክፍላችን መጠቅለያና ጋውን የሚሰፋ ሰው ፈልጎ አንዲት ልብስ ሰፊ ቀጠረ። ጨርቁን ለማስረከብ ወደ ማጠቢያ ቤቴ ስትገባ ሳያት ክው አልኩ። እሷ ነች። ጠጉሯ ሸብቷል፤ አፏን በሻሽ ሸፍናለች። አጠገቧ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቆማለች፤ ዓይኗ ብልጭ ብልጭ የሚል።

«ልጅሽ ናት?» አልኳት።

«አዎ እትዬ። እግዜር ሌላ ሰጠኝ።»

ጨርቁን ስንቆጥር ልጅቷ እርጥቡ ወለል ላይ አዳልጧት ወደቀች፤ ጉልበቷ ተላጠ፣ አለቀሰች። ማንም እናት ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ አጣብቃ የምትስምበት ጊዜ ነው። ልብስ ሰፊዋ ብድግ አደረገቻት፤ ግን ፊቷን ወደ ጎን አዙራ፣ እጇን ዘርግታ አርቃ ያዘቻት። ጉልበቷን በጣቷ ነካ አድርጋ ከሻሿ ስር አየሩን ሳመችላት። ልጅቷም ያን የአየር መሳም በእጇ ይዛ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። የለመዱት ነገር ነው።

«ለምን አትስሚያትም?» አልኩ፤ ምን አስለፈለፈኝ አላውቅም።

ልጅቷ ናት የመለሰችልኝ። «እማዬ አትስምም። የእማዬ አፍ ሕፃን ይገድላል።» እንዲህ ነው ያለችው፤ ስሟን የምትነግረኝ ያህል።

ልብስ ሰፊዋ አቀርቅራ ጨርቁን መቁጠር ቀጠለች። «አሁንም ይወጣብኛል እትዬ፤ በየወሩ። ኩባያዬን ለይቻለሁ። ከተወለደች ጀምሮ አልሳምኳትም። ምን ላድርግ፤ አንዷን በልቻታለሁ።»

ሞቼ ነው ቆሜ የሰማሁት? ጨርቁን እዚያው በትኜ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ሲስተር በሩ ላይ ነበረች፤ ያን ቀን ከንፈሯ ላይ ቅርፊት ስለነበራት ወደ ሕፃናቱ አልተጠጋችም፣ ሰው ብቻ ታይ ነበር። ክንዷን ያዝኳት። «ያቺ ልብስ ሰፊ ማጠቢያ ቤት ናት» አልኳት። «ልጅ ወልዳለች፤ ስማት አታውቅም። በራሷ አፍ የገደለቻት ይመስላታል። ወይ አንቺ ትነግሪያታለሽ፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ፤ ዛሬ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። «ከሥራ ያባርሩኛል» አለች። ቀጥላ «እሱስ ይሁን። በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለች።

«በዚያው ባላየሻት ዓይንሽ» አልኳት። ክፉ ነኝ፤ አውቃለሁ።

ልብስ ሰፊዋንና ልጇን ጠርቼ መጣሁ፤ ልጅቷን እኔ ከበሩ ፊት ያለው የኮሪደሩ አግዳሚ ጋ ያዝኳት። ሲስተር ልብስ ሰፊዋን በሩ ላይ ባለው መስታወት ፊት አቆመቻትና «አፍሽን ክፈቺ» አለቻት፤ ድምፅዋ ግን የበሩ ድምፅ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ ሻሿን አወለቀች። ከንፈሯን ገለበጠች። ያው ነው፤ አንድ ክብ ነጭ ቁስል፣ ዙሪያው ቀይ፣ ክር የሚበጥሰው ጥርሷ ከሚያርፍበት ጀርባ።

«ይሄን አየሽው? ይሄ ከማንም ወደ ማንም አይሄድም። ያኔም አይሄድም ነበር። ግንባሯን መሳምሽ ምንም አላደረጋትም። ወተትሽም ደህና ነበር።» ጭምብሏን ወደ አገጯ ሳበችው፤ ያችው የድሮዋ አሳሳብ። የላይኛው ከንፈሯ ጠርዝ ላይ ቢጫው ቅርፊት አለ። «የገደላት ይሄ ነው። ያን ሰሞን ወጥቶብኝ ነበር። ወተቷን በከንፈሬ እየለካሁ ነበር የምሰጣት። እኔ ነኝ።»

ልብስ ሰፊዋ መስታወቱን ታያለች፤ መጀመሪያ የራሷን አፍ፣ ከዚያ የሲስተርን ከንፈር። ውስጥ አንድ ማሽን ጢው ጢው ይላል፣ አንዲት ነርስ ሄዳ ዘጋችው።

«መቼ አወቅሽ?» አለች። አንቱ ማለቱን ትታለች።

«እሷ ሳትሞት በፊት። ዶክተሯ ስትናገር።»

«እኔ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ሳታውቂ ያደረግሽውን እግዜር ይቅር ይበልሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔም ሳላውቅ ላደርገው እችል ነበር። ዝም ያልሽውን ግን፣ እሱን ምን ልበልሽ? ይቺኛዋ ስትወለድ ጡቴን ስትጠባ ፊቴን በፎጣ ሸፍኜ ነበር። ሲያተኩሳት ቆሜ በሩቅ ነበር የማለቅሰው። ይሄን ማን ይመልስልኛል?»

ልብስ ሰፊዋ መልስ አልጠበቀችም፤ ሻሿን በእጇ እንደያዘች፣ አፏ እንደተገለጠ፣ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

ሲስተር በማግስቱ ሁሉንም በወረቀት ጽፋ ለነርሶቹ አለቃ፣ ለማትሮኗ ሰጠች። ማትሮኗ አንብባ ያለፈ ነገር አትቀስቅሺ ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እዚያው ይኖራል፤ የቀጣት የለም። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት በሩ ላይ ቆመች፤ ነርሶቹ የሳቁት በእነዚያ ዓመታት ላይ ነው።

የኔ ዓይን ግን ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቀርቷል። ልብስ ሰፊዋ መጥታ አግዳሚው ፊት ተንበረከከች። የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። ከመስታወቱ ግድግዳ ወዲያ ሲስተር ከበሩ ሳትርቅ ግንባሯን አስደግፋ ታያለች፣ ድሮ ያቺ እናት በቆመችበት ዓይነት። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ከንፈሯን ወደ ልጇ ጉንጭ አስጠጋች።

ልጅቷ በትንሽ እጇ የእናቷን አፍ ከደነችና ፊቷን ወደኔ አዞረች። «አይሆንም እማዬ» አለቻት፤ «እሞታለሁ እኮ።»